የምስር ወጥ ስክሪፕት፦ የተነገረው ከታየው እንዲገጥም

ድምፁ «ሽንኩርታችንን አምስት ደቂቃ ያህል እናቁላላለን» ይላል። ስክሪኑ ላይ የሚታየው ግን ሌላ ነው። ከሁለት ሰከንድ በፊት ድስቱን ሞልቶ የነበረው ጥሬ ሽንኩርት አሁን ሟሙቶ፣ ቀልቶ፣ ከድስቱ ታች አንድ ጣት የማይሞላ ሆኗል። ወጥ እየሠራ ያደገ ሰው ይህን ሲያይ ነገሩ ወዲያው ይገባዋል፤ መካከሉ ተቆርጦ የወጣ ግማሽ ሰዓት እንዳለ ያውቃል። ቪዲዮውን አጥብቆ የሚፈልገው ግን ይህ ሰው አይደለም። የሚፈልገው ዱባይ ሥራ ይዞ ለመጀመሪያ ጊዜ ለራሱ የሚያበስለው ወጣት ነው፤ ሜሪላንድ ተወልዳ ያደገችው፣ የእናቷን ወጥ ጣዕሙን እንጂ አሠራሩን የማታውቀው ልጅ ናት። እሷ አምስት ደቂቃ ቆጥራ በርበሬውን ትጨምራለች። ሽንኩርቱ ገና ውሃውን አልጨረሰም። ወጡ ይቀጥናል፣ ጥሬ ሽንኩርት ጥሬ ሽንኩርት ይላል፣ ምስሩም ከመረቁ ተለይቶ ለብቻው ይቀመጣል። ጥፋቱንም የምትጥለው በገዛ እጇ ላይ ነው።

ይህ የእኛ አገር ቪዲዮዎች ብቻ ችግር አይደለም። ቶም ስኮካ የተባለ ጸሐፊ በ2012 እ.ኤ.አ. «ስሌት» በተሰኘው የአሜሪካ መጽሔት ላይ የምግብ አሠራር ጸሐፊዎችን በዚሁ በሽንኩርት ጉዳይ ሞግቷቸው ነበር። ታዋቂ መጻሕፍትና ጋዜጦች ሽንኩርት በአምስትና በአሥር ደቂቃ በደንብ እንደሚቀላ ይጽፋሉ። እሱ ምድጃው ፊት ቆሞ ሲለካው ግን እሳቱን እስከ መጨረሻው ለቆ ያለ እረፍት እያማሰለ እንኳ 28 ደቂቃ ፈጀበት፤ ረጋ ብሎ ሲሠራው ደግሞ 45። በጽሑፍ ላይ የተዛባ ደቂቃ አንባቢውን ያሳስታል። በቪዲዮ ላይ ሲሆን ግን ማሳሳቱ ይብሳል፣ ምክንያቱም ተመልካቹ ውጤቱን በዓይኑ አይቷል። ዓይኑ ያየውን ደግሞ ያምናል።

ስህተቱ የሚመጣው ከቅጥፈት አይደለም። ብዙውን ጊዜ ባለሙያዋ ስክሪፕቱን የምትጽፈው ወንበር ላይ ተቀምጣ ከትዝታዋ ነው። ወጥ ሲሠራ እጅ ያውቃል፣ አፍንጫ ያውቃል፤ ሰዓት ግን ማንም አያይም። «ስንት ደቂቃ ነው?» ተብላ ስትጠየቅ የምትመልሰው ሽንኩርቱ የፈጀውን ሳይሆን እሷ ድስቱ አጠገብ የቆመችበትን ነው። ምስሩን ለቀመች፣ ነጭ ሽንኩርቱን ላጠች፣ ስልክ አነሣች፤ ያ ሁሉ ከቁጥሩ ውጭ ይቀራል። ከዚያም የተቀረፀው አንድ ሰዓት ተኩል ወደ ስድስት ደቂቃ ሲቆረጥ፣ ቆራጩ የሚያምረውን ምስል እንጂ የሚያስተምረውን አይመርጥም።

ስለዚህ ስክሪፕቱ የሚጀምረው ከወረቀት ሳይሆን ከምድጃ ነው። ካሜራ ሳይኖር ወጡ አንድ ጊዜ ይሠራል። ባለሙያዋ እንደ ልማዷ ታበስላለች፤ አጠገቧ ሌላ ሰው ሚዛን፣ የስልክ ሰዓትና ደብተር ይዞ ይቀመጣል። ደንቡ አንድ ነው፦ ከመመዘኑ በፊት ድስት ውስጥ የሚገባ ነገር የለም። እጇ ጨው ቢያነሣ መዝጋቢው ያስቆማታል፤ ጨዉ መዳፏ ላይ እንዳለ ሳህን ላይ ይገለበጣል፣ ይመዘናል፣ ከዚያ ይገባል። ባለሙያዋን ትንሽ ያሰለቻታል። ነገር ግን «እንደሚበቃው» የሚባለው ቃል ወደ ግራም የሚለወጠው በዚህች ሳህን ላይ ብቻ ነው።

ምስር ወጥን እንውሰድ። የጾም ወጥ ነው፣ ቅቤ የለውም፣ ዕቃው ጥቂት ነው፤ ለመማሪያ ይመቻል። ለስድስት ሰው የሚበቃ አንድ ድስት ሲመዘገብ የሚወጣው ዝርዝር ይህን ይመስላል፦ የተከካ ቀይ ምስር 400 ግራም፣ ተልጦ የተከተፈ ቀይ ሽንኩርት 500 ግራም፣ ዘይት ግማሽ ኩባያ፣ በርበሬ 4 የሾርባ ማንኪያ፣ የተፈጨ ነጭ ሽንኩርት 1 የሾርባ ማንኪያ፣ የተፈጨ ዝንጅብል 1 የሻይ ማንኪያ፣ ውሃ 6 ኩባያ፣ ጨው 2 የሻይ ማንኪያ፣ መከለሻ ግማሽ የሻይ ማንኪያ።

ከዚህ ቀጥሎ የሰዓቱ መዝገብ ይመጣል። አዲስ አበባ ውስጥ በመለስተኛ እሳት የተሠራ ድስት ነው እንበል። ሽንኩርቱ ያለ ዘይት ሲገባ ሰዓቱ ከዜሮ ይነሣል። በ8ኛው ደቂቃ ሽንኩርቱ ጠውልጎ ውሃውን ለቋል። በ18ኛው ውሃውን መጥጦ ድስቱን ያዝ ማድረግ ጀመረ፤ ዘይቱ ያኔ ገባ። በ28ኛው በደንብ ቀላ፣ በርበሬውም ገባ። በርበሬው ውሃ ጠብ ጠብ እየተደረገለት እስከ 43ኛው ደቂቃ ተቁላላ፤ ነጭ ሽንኩርቱና ዝንጅብሉ ተጨመሩ። በ48ኛው ደቂቃ ውሃው ገባ፣ በ55ኛው ፈላ፣ የታጠበው ምስር ገባ። በ85ኛው ምስሩ በሰለ። ጨውና መከለሻ ገብተው በ88ኛው ደቂቃ ድስቱ ወረደ። ሽንኩርት መላጡ፣ መክተፉና ምስር መልቀሙ ከዚህ ውጭ ነው፤ ለዚያ ሌላ 20 ደቂቃ ይያዛል።

አሁን በእጅ ያለው ትክክለኛ ነገር ነው። 88 ደቂቃ ወደ ስድስት ደቂቃ ሲወርድ የቱ ብዙ ቦታ ይሰጠው የሚለው ጥያቄ የጸሐፊው ፍርድ ነው፤ መልሱም እንደ ርዝመታቸው እኩል ማካፈል አይደለም። ምስሩ የሚበስልበት 30 ደቂቃ ከሁሉም ይረዝማል፣ ግን ከሃያ ሰከንድ በላይ አያስፈልገውም፤ ድስቱ ይንተከተካል፣ አልፎ አልፎ ይማሰላል፣ በቃ። ሽንኩርቱ ግን የወጡ መሠረት ስለሆነና ጀማሪ የሚሳሳተው እዚያ ላይ ስለሆነ፣ አንድ ሙሉ ደቂቃ ቢሰጠው አይቆጭም።

ያን ደቂቃ እንዴት እንደሚሞላ ጠጋ ብሎ ማየት ይጠቅማል። ካሜራው ከድስቱ በላይ በመያዣ ይታሰራል፤ መያዣው የቆመበት ቦታ ወለሉ ላይ በፕላስተር ምልክት ይደረግበታል። ሽንኩርቱ በዜሮ፣ በ8ኛው፣ በ18ኛውና በ28ኛው ደቂቃ ከዚያው ቦታ፣ በዚያው መብራት ይቀረፃል። አራቱ ምስሎች ተከታትለው ሲታዩ ተመልካቹ ሽንኩርቱ ሲሟሟ፣ ቀለሙ ሲለወጥ፣ ከድስቱ ግድግዳ ሲወርድ ያያል። ካሜራው በመካከል ከተንቀሳቀሰ ወይም በመስኮት የሚገባው ፀሐይ ከዞረ፣ የቀለሙ ለውጥ ከመብስል ይሁን ከብርሃን አይታወቅም። ሽንኩርት አብዛኛው አካሉ ውሃ ነው፤ ግማሽ ኪሎው ሲቁላላ ማነሱ አይቀርም። ይህ ሂደት ካልታየ ተመልካቹ መጨረሻ ላይ የሚያየውን ጭብጥ የምታህል ቁሌት መጠን አድርጎ ይይዛል። «ሁለት ሽንኩርት ይበቃል» ብሎ የሚያስበውም ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጽሑፍ ብቻውን ብዙ ሰው ያሳስታል። ስክሪኑ ላይ «10 ደቂቃ» ተብሎ ብቅ ሲል ምን ማለት ነው? ዘይቱ ከገባ ወዲህ 10 ደቂቃ ነው ወይስ ከመጀመሪያው አንሥቶ? በእኛ መዝገብ ሁለቱ በ18 ደቂቃ ይራራቃሉ። መፍትሔው ሥራውን ማካፈል ነው። ድምፁ ሁልጊዜ የሚቀጥለውን ቆይታ ይናገራል፦ «ሌላ 10 ደቂቃ እናቁላላለን።» በስክሪኑ ጥግ ያለው ጽሑፍ ደግሞ ሁልጊዜ ከመጀመሪያው ጀምሮ ያለውን ይቆጥራል፦ «28ኛ ደቂቃ»። ሁለቱ እስከ መጨረሻው ካልተቀላቀሉ ማንም አይሳሳትም።

የስክሪፕቱ አጻጻፍም ይህን የሚይዝ መሆን አለበት። በቴሌቪዥን ቤት የተለመደው ወረቀቱን ለሁለት መክፈል ነው፤ በአንድ ወገን ምስል፣ በሌላው ድምፅ። ለምግብ ቪዲዮ ሁለት ተጨማሪ ረድፎች ያስፈልጋሉ፦ ስክሪኑ ላይ የሚወጣው ጽሑፍ፣ እና ከመዝገቡ የተገለበጠው ሐቅ። ይህ አራተኛው ረድፍ ለተመልካች አይታይም፤ ሌሎቹ ሦስቱ የሚመሳከሩበት ነው። የበርበሬው ክፍል እንዲህ ይጻፋል፦

ምስል፦ ከላይ። የቀላው ሽንኩርት፤ እጅ ልሙጥ ማንኪያ በርበሬ አራት ጊዜ ሲጨምር። አራቱም ይታያሉ፣ አይቆረጡም።

ድምፅ፦ «አራት የሾርባ ማንኪያ በርበሬ እንጨምራለን። ማንኪያው ልሙጥ ነው፣ አይከመርም።»

ጽሑፍ፦ በርበሬ፣ 4 ልሙጥ የሾርባ ማንኪያ (30 ግራም ገደማ)። ጥግ ላይ፦ 28ኛ ደቂቃ።

መዝገብ፦ 28ኛ ደቂቃ፤ እሳቱ ዝቅ ብሏል፤ ከውሃው ግማሽ ኩባያ ለዚህ ክፍል ተለይቷል።

«አይቆረጡም» የሚለው ቃል ያለ ምክንያት አልገባም። ቆራጭ አንድ ሰው አራት ጊዜ ማንኪያ ሲገለብጥ ማየት ይሰለቸዋል፤ ሁለቱን ያወጣል። ድምፁ አራት ይላል፣ ዓይን ሁለት ይቆጥራል። ጀማሪ ከሁለቱ የትኛውን ይያዝ? ሰከንድ ለመቆጠብ ከተፈለገ የተሻለው መንገድ አራቱንም አስቀድሞ ትንሽ ሳህን ላይ አድርጎ፣ ሳህኑን ከነጽሑፉ አሳይቶ፣ በአንድ ጊዜ መገልበጥ ነው። ያኔ ቁጥሩን የሚናገረው ጽሑፉ ብቻ ይሆናል፤ የሚቃረነው ምስል የለም።

«ልሙጥ» መባሉም እንዲሁ ነው። የተከመረ ማንኪያ ልሙጡን አንድ ተኩል እጥፍ ሊያህል ይችላል። ባለሙያዋ በልማድ ከምራ ጨምራ ስክሪኑ ላይ «4 ማንኪያ» ከተጻፈ፣ ቤቱ ሆኖ በመለኪያ ማንኪያ ልሙጥ አድርጎ የሚሰፍር ሰው ወጡ ለምን ፈዛዛ እንደሆነበት አይገባውም። ተቃራኒውም ያጋጥማል። ስለዚህ በካሜራ ፊት ማንኪያው በቢላ ጀርባ ሲላጭ አንድ ጊዜ ቢታይ ከብዙ ንግግር ይሻላል። ኩባያም የራሱ ጣጣ አለው። የአሜሪካ ኩባያ 240 ሚሊ ሊትር ገደማ ይይዛል፤ በሌሎች አገሮች 250 የሚይዘው የተለመደ ነው። በእነዚህ መካከል ያለው ልዩነት ወጥ አያበላሽም። የሚያበላሸው በየቤቱ «ኩባያ» የሚባለው የሻይ ብርጭቆ፣ የወተት ኩባያና የፕላስቲክ ጣሳ ነው። ጽሑፉ «6 ኩባያ» ብሎ እንዳይቆም፣ «አንድ ሊትር ተኩል ሊሞላ ትንሽ የቀረው» የሚለውን ቢጨምር ማንም በእጁ ያለውን የውሃ ጠርሙስ ይዞ መለካት ይችላል።

ከሁሉ አስቸጋሪው ግን ውሃው ነው። በርበሬ ሲቁላላ ውሃ በአንድ ጊዜ አይገባም። ያዝ ሲያደርግ ጠብ ይደረጋል፣ ይማሰላል፣ ደግሞ ጠብ ይደረጋል። በአሥራ አምስት ደቂቃ ውስጥ ይህ ስድስትና ሰባት ጊዜ ሊደገም ይችላል፤ ቪዲዮው የሚያሳየው ግን አንዱን ነው። ተመልካች ያቺን አንዷን ጠብታ ብቻ ካደረገ በርበሬው ያርርበታል። ስንት ጊዜ እንደገባ መቁጠርም አይጠቅምም፣ የእያንዳንዱ እጅ ይለያያልና። የሚሠራው ዘዴ ቀላል ነው። ሥራው ከመጀመሩ በፊት 6 ኩባያ ውሃ ተለክቶ በግልጽ ማሰሮ ይቀመጣል፤ ከዚያ ውጭ ሌላ ውሃ አይነካም። ለበርበሬው ግማሽ ኩባያ በትንሽ ብርጭቆ ይቀዳል። ብርጭቆው ከድስቱ አጠገብ በምስሉ ውስጥ ይቆማል፤ ድምፁ «ይህ ብርጭቆ እስኪያልቅ በርበሬው ያዝ ባደረገ ቁጥር ጠብ እናደርጋለን» ይላል። ከዚያ ምስሉ ሲዘል ብርጭቆው ግማሽ ሆኖ፣ ቀጥሎም ባዶ ሆኖ ይታያል። ተመልካቹ ሳይቆጥር መጠኑንም ሂደቱንም ያዘ። የቀረው አምስት ተኩል ኩባያ በ48ኛው ደቂቃ ይገባል፤ ድምሩ ከዝርዝሩ ጋር ይገጥማል።

ጨውንም በዚሁ ዓይን ማየት ይገባል። ባለሙያ ሁለት ጊዜ ጨው ትጨምራለች፤ አንዴ በመካከል፣ አንዴ ቀምሳ። ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ከካሜራ ውጭ ይሆናል። በዚያ ላይ ተዘጋጅቶ የሚሸጥ በርበሬ ጨው የገባበት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ድምፁ መጠኑን ሲናገር የተጠቀሙበት በርበሬ ጨው ይኑረው አይኑረው አብሮ መናገር አለበት፤ ያለዚያ 2 የሻይ ማንኪያ የሚለው ቁጥር ለሌላው ቤት ምንም አይነግርም።

አሁን ወደ ድምፁ እንምጣ። አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ማስቀመጡ ለምግብ ስክሪፕት ትልቅ ጸጋ ነው። «አራት የሾርባ ማንኪያ በርበሬ» ሲባል ሳህኑ ወደ ድስቱ ይመጣል፤ «እንጨምራለን» ሲባል ይገለበጣል። ጆሮ መጠኑን ከሰማ በኋላ ዓይን ድርጊቱን ያያል፤ ጊዜው ሳይጨነቅ ይገጥማል። ይህን ጸጋ የሚያጠፋው ሌላው ልማዳችን ነው፦ «ሽንኩርቱን ከትፈን፣ ድስት ውስጥ ጨምረን፣ በደንብ አቁላልተን፣ ዘይት ጨምረን፣ በርበሬውን እናስገባለን።» ሰባት ሰከንድ የማይፈጅ አንድ ዓረፍተ ነገር 28 ደቂቃ ሥራ ተሸከመ። ምስሉ የትኛውን ይከተል? ቆራጩ የመጨረሻውን ይይዛል፣ የቀሩት አራቱ በድምፅ ብቻ ያልፋሉ፤ ደቂቃና መጠን የሚጠፋውም እዚያ ነው። የሚሻለው ለአንድ ድርጊት አንድ ዓረፍተ ነገር መስጠት ነው። ድምፁ ይረጋል፣ ምስሉ ይደርስበታል፤ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች መካከል የማማሰያው ድምፅ ቢሰማም ጥሩ ነው።

ስክሪፕቱ ከተጻፈ በኋላ ሰዓት ይዞ ጮክ ብሎ ማንበብ ግድ ነው። በዓይን የተነበበ ጽሑፍ ሁልጊዜ አጭር ይመስላል። የበርበሬው ክፍል ሲነበብ 9 ሰከንድ ከፈጀ፣ ከበርበሬው ምስል ቢያንስ 9 ሰከንድ መቀረፅ አለበት፤ ስለዚህ ይህ ቁጥር የሚያስፈልገው ከቀረፃ በፊት ነው። ከቀረፃ በኋላ ከታወቀ፣ የሚጎድለው ሰከንድ በሌላ ቦታ ምስል ይሞላል፤ ስለ በርበሬ እየተወራ የምስር መታጠብ ይታያል። የምግብ ቪዲዮ ላይ ይህን ያህል የሚያደናግር ነገር ጥቂት ነው።

ጊዜን ለማሳጠር ሁለት ድስት መጠቀም የቆየ ዘዴ ነው። ጁሊያ ቻይልድ በ1963 እ.ኤ.አ. በቦስተን የሕዝብ ቴሌቪዥን «ዘ ፍሬንች ሼፍ» የተሰኘ ዝግጅቷን ስትጀምር፣ ግማሽ ሰዓት የማይሞላው ፕሮግራም በአብዛኛው ሳይቋረጥ ነበር የሚቀረፀው። ሰዓታት የሚፈጅ የሥጋ ምግብ በዚያ ጊዜ ውስጥ ስለማይበስል፣ ያው ምግብ በተለያየ የመብስል ደረጃ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ይቀርብ ነበር። ዘዴው ያኔም ዛሬም ነውር የለበትም፤ የሚጠበቀው በግልጽ መናገርና ሁለቱ ድስቶች አንድ መሆናቸው ነው። ለምስር ወጥ አንድ መሆን ማለት ያው 500 ግራም ሽንኩርት፣ ያው በርበሬ፣ ያው ስፋት ያለው ድስት ማለት ነው። በርበሬ ከቤት ቤት ቀለሙ ይለያል፤ ሁለተኛው ድስት በሌላ በርበሬ ከተሠራ ወጡ ከአንዱ ምስል ወደ ሌላው ድንገት ይጠቁራል፣ ተመልካቹም ያን ጥቁረት ለማምጣት እሳት ይጨምራል። ድስቱ ከሰፋ ደግሞ ውሃው ቶሎ ይተናል፤ መዝገቡ ላይ ያለው ደቂቃ ከዚያ በኋላ አይሠራም።

ዝም ብለው ሐቁን የሚናገሩ ሌሎች ነገሮችም በምስሉ ውስጥ አሉ። የምድጃው ቁልፍ እስከ መጨረሻው ተከፍቶ እየታየ ድምፁ «ለስለስ ባለ እሳት» ይላል፤ እንፋሎት ለማሳየት ሲባል እሳት የተጨመረበት ጊዜ ነው። ከጀርባ የግድግዳ ሰዓት ካለ ከጽሑፉ ጋር ይጣላል። ክዳኑ በአንዱ ምስል አለ፣ በሚቀጥለው የለም፤ «ይከደን ወይስ አይከደን?» የሚለው ጥያቄ ያለ መልስ ይቀራል። በስክሪፕቱ የምስል ረድፍ ላይ ቁልፉና ክዳኑ በእያንዳንዱ ደረጃ ከተጻፉ ይህ ሁሉ ይቀራል።

የምስሩ 30 ደቂቃ ግን ሌላ ዓይነት ጥንቃቄ ይጠይቃል፣ ምክንያቱም እዚህ ላይ በትክክል የተመዘገበ ቁጥርም ሊያሳስት ይችላል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,350 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ከፍታ ሲጨምር የአየር ግፊት ይቀንሳል፤ ውሃም ቶሎ ይፈላል። በባሕር ዳርቻ ከተማ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ አዲስ አበባ ላይ 92 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይንተከተካል። የፈላ ውሃ ስለሆነ የሚሞቅ ይመስላል እንጂ፣ ምስሩ የሚበስለው ቀዝቀዝ ባለ ውሃ ነው፤ ስለዚህ ይቆያል። ያንኑ ምስር ዱባይ ወይም ቴል አቪቭ ላይ 30 ደቂቃ የቀቀለ ሰው ገንፎ ያገኛል። እዚያ የተቀረፀውን ቪዲዮ አዲስ አበባ ሆኖ የሚከተለው ደግሞ ጥርስ የሚይዝ ምስር ይበላል። ጥራጥሬ፣ እንቁላልና በውሃ የሚቀቀል ነገር ሁሉ ላይ ይህ አለ። የምስሩ ዕድሜም ይጨመርበታል፤ ብዙ የቆየ ምስር ለመብሰል ይዘገያል።

ስክሪፕቱ ይህን የሚፈታው ደቂቃውን በመተው ሳይሆን አብሮት ምልክት በመስጠት ነው። ድምፁ እንዲህ ይላል፦ «አዲስ አበባ ላይ 30 ደቂቃ ፈጅቶብናል። ዝቅ ባለ አገር ያላችሁ ከ20ኛው ደቂቃ ጀምራችሁ እዩት። አንድ ፍሬ በማንኪያ አውጥታችሁ በሁለት ጣት ስትጫኑት ያለ ትግል ከፈረሰ በስሏል።» ምስሉም ያንኑ ያሳያል፤ ጣት፣ አንድ ፍሬ ምስር፣ ሲፈርስ። ለሽንኩርቱም ዘይት የሚጠይቅበት ምልክት ማማሰያው ሲያልፍ ታቹ ያዝ ማድረጉ ነው፤ ለበርበሬው ደግሞ ዘይቱ ወደ ላይ መውጣቱና የጥሬ በርበሬ ሽታው መጥፋቱ። ሽታ በቪዲዮ አይታይም፣ ስለዚህ በድምፅ መነገር አለበት።

ቪዲዮው ተቆርጦ ካለቀ በኋላ የሚቀረው ማመሳከር ነው፤ ይህን ሥራ ስክሪፕቱን ያልጻፈ ሰው ቢሠራው ይመረጣል። መጀመሪያ ድምፁን አጥፍቶ ያያል፤ ድስት ውስጥ ሲገባ ያየውን ሁሉ በቅደም ተከተል ይጽፋል። ቀጥሎ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል፤ የሰማውን ሁሉ ይጽፋል። ሁለቱን ወረቀቶች ከዕቃው ዝርዝር ጋር ሲያስተያይ ጉድለቱ ራሱ ይወጣል። በምስር ወጡ ላይ የሚገኘው ይህን ይመስላል፦ ዝንጅብል በዝርዝሩ አለ፣ በድምፅም ተጠርቷል፣ ስክሪን ላይ ግን አልታየም፤ ከነጭ ሽንኩርቱ ጋር አንድ ሳህን ላይ ተቀላቅሎ ነበርና። ዘይት በድምፅ ግማሽ ኩባያ ነው፤ ስክሪን ላይ ግን መጨረሻ ላይ ለማማር ተብሎ ትንሽ ከላይ ጠብ ብሏል፤ ያቺ በዝርዝሩ የለችም። ምስሩ ሲታጠብ አልታየም፣ አልተነገረም። እነዚህ ሦስቱ በጽሑፍ ሊታረሙ ይችላሉ። ከበርበሬው ሁለት ማንኪያ የተቆረጠ ከሆነ ግን ወደ ቁረጣው መመለስ ነው።

ለዩቲዩብ የሚሠራ ሰው ከቪዲዮው ሥር የሚጽፈው ማብራሪያም የዚሁ ማመሳከር አካል ነው። ቪዲዮውን በምዕራፍ ለመክፈል ሰዓቶቹ ከ `0:00` ይጀምራሉ፣ ቢያንስ ሦስት ይሆናሉ፣ እያንዳንዱም ምዕራፍ ከ10 ሰከንድ አያንስም። እነዚህ ቁጥሮች የቪዲዮው እንጂ የድስቱ አይደሉም፤ `1:10 በርበሬ` የሚለውን አይቶ በርበሬ በአንድ ደቂቃ የሚገባ የሚመስለው ሰው አይጠፋም። ስለዚህ ከጎኑ «ድስቱ ላይ 28ኛ ደቂቃ» ተብሎ ይጻፋል። ይህ ማብራሪያ በማንኛውም ጊዜ ሊታረም ይችላል። ቪዲዮው ግን አንዴ ከወጣ በኋላ አድራሻው ሳይለወጥ በሌላ ፋይል አይተካም፤ የተሳሳተ መጠን በድምፅ ከተነገረ ያለው ምርጫ እርማቱን ማብራሪያው አናት ላይ መጻፍ፣ ወይም አንሥቶ አዲስ መጫን ነው። እርማቱ ሲጻፍም «በርበሬው ላይ ስህተት አለ» ማለቱ አይበቃም። የሚጻፈው እንዲህ ነው፦ «በ1ኛው ደቂቃ ከ10ኛው ሰከንድ ላይ 6 የተባለው 4 ልሙጥ የሾርባ ማንኪያ ነው፤ የውሃውና የጨው መጠን አልተለወጠም።»